የጣና ውኃ ሥዕላዊ መግለጫ እንዴት ይነበባል?

የጣና ሐይቅን የውኃ ገቢና ወጪ በሣጥንና በቀስት የሚያሳይ ሥዕል በመስኖና በሠፈራ ጥናቶች ውስጥ ማየት የተለመደ ነው። ሐይቁ በመካከል ይቀመጣል፤ ወንዞቹ ወደ ውስጥ ሲገቡ ዓባይ በባሕር ዳር በኩል ወደ ውጭ ይወጣል። ሠዓሊው ዓባይን 8 ሚሊ ሜትር በሚወፍር መሥመር፣ ትነትን ግን 2 ሚሊ ሜትር በሆነ ነጠብጣብ አመለከተ እንበል። ተመልካች ሁሉ ዋናው ወጪ ዓባይ ነው ብሎ መደምደሙ አይቀርም።

ሒሳቡ ግን ሌላ ይናገራል። የሐይቁ ስፋት 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከገጹ በዓመት የሚተነው ውኃ ከፍታው 1.6 ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱ ሲባዙ 4.8 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይሆናል። በ2002 ዓ.ም. የጣና በለስ መተላለፊያ ከመከፈቱ አስቀድሞ በዓባይ መውጫ ይፈስ የነበረው በአማካይ 3.8 ቢሊዮን ገደማ ነበር። ውፍረቱ መጠንን እንዲያሳይ ታስቦ ቢሆን ኖሮ፣ ዓባይ 8 ሚሊ ሜትር ሲሆን ትነት 10 ሚሊ ሜትር በሆነ ነበር። ሠዓሊው ዓባይን ያወፈረው ዝነኛ ወንዝ ስለሆነ ነው፤ ትነትን በነጠብጣብ ያሳየውም በዓይን ስለማይታይ ብቻ ነው።

ይህ ስሕተት ጉዳት ያስከትላል። በ1995 ዓ.ም. የሐይቁ ውኃ እጅግ ወርዶ የጀልባ ጉዞ ሲስተጓጎል፣ የዝናብ ማነስም ለኃይል ማመንጫ የተለቀቀው ውኃም ምክንያት ነበሩ። ወፍራሙን መሥመር ብቻ የተከተለ የእቅድ ሠራተኛ ግን፣ የጨራጨራ መቆጣጠሪያ በር ከተዘጋ ውኃው ሁሉ ይቆጠባል ብሎ ያስባል። በሩ ቢዘጋም ትነቱ ያው ይቀጥላል።

አቀማመጥም እንዲሁ ያሳስታል። ሰሜን ከላይ በሚሆንበት ካርታ መገጭ ከአናት፣ ግልገል ዓባይ ከግርጌ ይገኛሉ። ከላይ ያለውን አንደኛ አድርጎ ማንበብ የለመደ ዓይን መገጭን ያስቀድማል፤ ከገባሮቹ ሁሉ ብዙ ውኃ የሚያስገባው ግን ግልገል ዓባይ ነው። (በዚያ ላይ «ግልገል» የሚለው ስም ራሱ ለግምት አይረዳም።) ከታች የተቀመጠው በደቡብ በኩል ስለሚገባ እንጂ አነስተኛ ስለሆነ አይደለም።

የሣጥን ስፋት ደግሞ ብዙ ጊዜ የፊደል ጉዳይ ነው። «የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ» የሚለውን ለመጻፍ ሰፊ ሣጥን ያስፈልጋል፤ «ርብ» ግን በጠባቡ ይበቃዋል።

ሥዕሉን ለመመርመር በመጀመሪያ የምልክት መግለጫው ስለ ውፍረትና ስለ ስፋት የሚለው ነገር መኖሩ ይታያል። መግለጫው አንድ ሚሊ ሜትር ይህን ያህል ውኃ ነው ካለ፣ በማስመሪያ ሁለት መሥመሮች ተለክተው ከቁጥሮቻቸው ጋር ይነጻጸራሉ። ምንም ካላለ፣ ሣጥኖቹ ሁሉ እኩል፣ መሥመሮቹም ሁሉ ቀጭን ተደርገው በሌላ ወረቀት ላይ ይገለበጣሉ፤ በየመሥመሩም አጠገብ የሜትር ኩቡ መጠን ይጻፋል። ቁጥር ያልተገኘለት መሥመር ባዶውን ይተዋል።