የጎደለው አሲድ የት ገባ? ሰልፌሽንና የባትሪ አቅም የመመለስ ጥያቄ

የደከመ የእርሳስ-አሲድ ባትሪ ሲያጋጥም የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ የጠፋው አቅም ይመለሳል ወይስ አይመለስም? «ሰልፌት አጥፊ» ተብለው የሚሸጡ መሣሪያዎችና ፈሳሾች ይመለሳል ይላሉ። ብዙ ባለሙያዎች ደግሞ አንድ ጊዜ የሞተ ባትሪ አይነሣም ብለው ይደመድማሉ። ሁለቱም ወገኖች የሚናገሩት በዐይናቸው ያዩትን ነው። ልዩነቱ የሚመነጨው አቅም የሚጠፋባቸው መንገዶች ብዙ ሆነው ሳለ ሁሉም በሰልፌሽን ስም ስለሚጠሩ ነው። ይህ ጽሑፍ ክዳኑ በሚከፈት ባትሪ ላይ የአሲዱን ሒሳብ በማወራረድ ሰልፌሽንን ከሌሎቹ ጉዳቶች እንዴት መለየት እንደሚቻል ያሳያል።

በቅድሚያ ሰልፌት ራሱ ጉድለት አለመሆኑን መረዳት ያስፈልጋል። ግላድስተንና ትራይብ በ1882 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ማብራሪያ መሠረት፣ ባትሪው ኃይል ሲሰጥ በአሉታዊው ፕሌት ላይ ያለው ስፖንጅ መሰል እርሳስም ሆነ በአዎንታዊው ፕሌት ላይ ያለው የእርሳስ ዳይኦክሳይድ ወደ እርሳስ ሰልፌት ይለወጣሉ።

Pb + PbO₂ + 2H₂SO₄ ⇌ 2PbSO₄ + 2H₂O

አዲስ የተፈጠረው ሰልፌት እጅግ ደቃቅ ክሪስታል ነው። ባትሪው ቻርጅ ሲደረግ ሰልፌቱ መጀመሪያ ወደ አሲዱ ይሟሟል፤ የተለቀቀው የእርሳስ አዮን በፕሌቱ ገጽ ላይ ኤሌክትሮን ተቀብሎ ወይም ሰጥቶ ወደ ቀድሞው ቁስ ይመለሳል። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ያለው በዚህ የመሟሟት እርምጃ ላይ ነው። የእርሳስ ሰልፌት በሙሉ ባትሪ አሲድ ውስጥ የሚሟሟው በሊትር በጥቂት ሚሊግራም ብቻ ስለሆነ፣ ቻርጁን የሚያስኬደው የክሪስታሎቹ ጠቅላላ የገጽ ስፋት ነው። ደቃቅ ክሪስታል ሰፊ ገጽ ስላለው በፍጥነት ይሟሟል። ያው መጠን ያለው ሰልፌት ወደ ጥቂት ትልልቅ ክሪስታሎች ሲሰበሰብ ግን ገጹ ይጠባል፤ የእርሳስ አዮን ከተፈለገው ፍጥነት በታች ይለቀቃል፤ ቻርጀሩ የሚሰጠው ቀሪ ፍሰትም ውኃን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን በመሰንጠቅ ያልቃል። ሰልፌሽን የምንለው ይህንን ሁኔታ ነው። በኬሚካዊ ቀመሩ ከጤናማው ሰልፌት ፈጽሞ አይለይም፤ የሚለየው በክሪስታሉ መጠንና በአቀማመጡ ብቻ ነው።

ደቃቁ ክሪስታል የሚያድገው ባትሪው ባዶ ሆኖ ሲቆም ነው። ትንንሾቹ ክሪስታሎች ከትልልቆቹ በተሻለ ስለሚሟሙ፣ ከእነርሱ የወጣው እርሳስ በትልልቆቹ ላይ ተመልሶ ይረጋል። ይህ ሒደት በሁለት ምክንያት ይፋጠናል፤ አንደኛ፣ ባዶ ባትሪ ውስጥ ያለው አሲድ ቀጭን ስለሆነ የሰልፌቱ ሟሚነት ይጨምራል፤ ሁለተኛ፣ ሙቀት ሟሚነቱንም ሆነ የአዮኖቹን እንቅስቃሴ ያፋጥናል። ስለዚህ በሞቃት ስፍራ ባዶውን ለሳምንታት የተቀመጠ ባትሪ ከሁሉ የከፋ ዕጣ ይገጥመዋል። በፀሐይ ኃይል ቤቶች የሚያጋጥመው መንገድ ግን ከዚህ ይልቅ ቀስ ያለ ነው። ማታ የወጣው ኃይል ቀን ሙሉ በሙሉ ሳይተካ ሲቀር፣ በየዕለቱ ጥቂት ሰልፌት ሳይለወጥ ያድራል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ይህ ይብሳል። ባትሪው እስከ ጋዝ ማውጣት ድረስ ስለማይሞላም አሲዱ አይናወጥም፤ ከባዱ አሲድ ከታች ይዘቅጣል፤ የሰልፌቱም ክምችት በፕሌቶቹ የታችኛው ክፍል ይበረታል።

አሉታዊው ፕሌት ይህን ችግር የሚቋቋምበት የራሱ መከላከያ አለው። አምራቾች በእርሳሱ ሊጥ ውስጥ ጥቂት ባርየም ሰልፌት ይጨምራሉ። የባርየም ሰልፌት ክሪስታል አወቃቀር ከእርሳስ ሰልፌት ጋር እጅግ ስለሚቀራረብ እያንዳንዷ ቅንጣት የክሪስታል ዘር ሆና ታገለግላለች፤ ዘሩ ሲበዛ ክሪስታሎቹ ብዙና ደቃቅ ይሆናሉ።

ወደ ሒሳቡ እንለፍ። ከላይ ካለው ቀመር እንደሚታየው በአንድ ሴል ውስጥ ለሚያልፍ አንድ አምፔር-ሰዓት 3.66 ግራም ሰልፈሪክ አሲድ ወደ ፕሌቶቹ ይገባል፤ በቻርጅ ጊዜም ያው መጠን ይወጣል። ስለዚህ በፕሌቱ ውስጥ የተቆለፈ ሰልፌት ካለ፣ ከፈሳሹ የጎደለ አሲድ መኖሩ ግድ ነው። አሲዱ ሙሉ ሆኖ አቅሙ ቢጎድል ግን ተጠያቂው ሰልፌት አይደለም።

ለስሌት እንዲመች አንድ ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር-ሰዓት ባትሪ እንውሰድ፤ በእያንዳንዱ ሴል አንድ ሊትር ያህል አሲድ አለው እንበል። አዲስ ሳለ፣ ሲሞላ፣ የአሲዱ እፍግታ 1.28 ነበር። አሁን በተለመደው መንገድ ቻርጅ ተደርጎ ጋዝ እያወጣ ሳለ በየሰዓቱ በሃይድሮሜትር ሲለካ፣ ሦስቱም ተከታታይ ንባቦች 1.22 ላይ ቆመዋል። በ5 አምፔር እስከ 10.5 ቮልት ሲፈስ የሰጠው 55 አምፔር-ሰዓት ብቻ ነው። 1.28 እፍግታ ያለው አንድ ሊትር 478 ግራም ያህል፣ 1.22 ያለው ደግሞ 368 ግራም ያህል አሲድ ይይዛል። ልዩነቱ 110 ግራም ነው፤ ለ3.66 ሲካፈል 30 አምፔር-ሰዓት ይሆናል። እንግዲህ ከጠፋው 45 አምፔር-ሰዓት ውስጥ በሰልፌት ሊመካኝ የሚችለው ወደ 30 የሚጠጋው ነው። የቀረው 15 ሌላ ምክንያት ይፈለግለታል፤ የአዎንታዊው ፕሌት ቁስ ለስልሶ ረግፎ ሊሆን ይችላል፣ ወይም የእርሳሱ ፍርግርግ ዝጎ። ሁለቱን ቁጥሮች እንደ ደረሰኝ መደመር አይገባም፤ የሴሉን አቅም የሚወስነው ደካማው ፕሌት ስለሆነ ስሌቱ ጣሪያውን እንጂ ትክክለኛውን ድርሻ አይሰጥም። ሆኖም ሕክምና ሊመልሰው የሚችለው ከፍተኛ መጠን ምን ያህል እንደሆነ ሥራው ሳይጀመር ያሳውቀናል።

ይህ ሒሳብ የሚሠራው ፈሳሹ ካልተነካካ ነው። አሲድ ቀጭኗል ተብሎ ከላይ አሲድ የተጨመረበት ባትሪ ንባቡ ያምራል፤ ሰልፌቱ ግን እንዳለ ነው። ቢታከምና የተቆለፈው አሲድ ቢወጣ ደግሞ እፍግታው ከሚገባው በላይ ይሆንና ፍርግርጉን ያጎሳቁላል። ማግኒዥየም ሰልፌት መጨመርም እንዲሁ እፍግታውን ከፍ ያደርጋል፤ ሃይድሮሜትር ጨውን ከአሲድ አይለይምና። በእኔ አስተያየት በየጋራዡ ከሚፈጸሙ ስሕተቶች ሁሉ ለመመርመር የሚያስቸግረው ይህ ነው፤ የባትሪውን ታሪክ የሚነግረንን ብቸኛ መዝገብ ያበላሻልና። ከዚህ ሌላ ንባቡ ለሙቀት መታረም አለበት፤ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ 0.0007 ያህል ይለዋወጣል። ስድስቱም ሴሎች ለየብቻ ይለካሉ። አንዱ ብቻ ዝቅ ብሎ ከተገኘ መጠርጠር ያለበት ከሰልፌሽን ይልቅ በዚያ ሴል ውስጥ ያለ የፕሌቶች መነካካት ነው።

ትልልቅ ክሪስታል ቀስ ብሎ ይሟሟል እንጂ አይሟሟም አላልንም። ስለዚህ ምክንያታዊው ሕክምና የቻርጁን ፍሰት ወደ መሟሟቱ ፍጥነት ማውረድና ጊዜ መስጠት ነው። ለምሳሌያችን ባትሪ 1 አምፔር ለ72 ሰዓት ይሰጠው፤ ቮልቴጁ እስከ 15.6 ወይም 16 ድረስ ይውጣ፤ የአሲዱ ሙቀት ከ45 ዲግሪ ሴልሺየስ አይለፍ። ክፍሉ አየር የሚዘዋወርበትና ከእሳት የራቀ መሆን አለበት፤ የሚወጣው ጋዝ ይፈነዳልና። በመጨረሻ የተጣራ ውኃ ተጨምሮ ደረጃው ከተስተካከለና ጥቂት ጋዝ አውጥቶ ከተናወጠ በኋላ እፍግታው 1.265 ሆነ እንበል። በዚህ እፍግታ አንድ ሊትር 450 ግራም ያህል አሲድ ስለሚይዝ 82 ግራም ያህል ተመልሷል፤ ይህም 22 አምፔር-ሰዓት ገደማ ነው። ከተሰጠው 72 ውስጥ የቀረው 50 ውኃ በመሰንጠቅ አልቋል፤ በእያንዳንዱ ሴል 17 ግራም ያህል ውኃ ማለት ነው። ውኃው ሳይተካ ቢለካ ኖሮ ይህ ጉድለት እፍግታውን በትንሹ ከፍ አድርጎ የማይገባውን ውጤት ይሰጠን ነበር።

የማይመለስ ሰልፌትም አለ። አንድ ሞል የእርሳስ ሰልፌት ከተገኘበት እርሳስ 2.6 እጥፍ፣ ከዳይኦክሳይዱ ደግሞ 1.9 እጥፍ ያህል ቦታ ይይዛል። ይህ እብጠት ፕሌቱን ያጣምማል፤ ቁሱንም ከፍርግርጉ ያላቅቃል። ሰልፌት ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ፣ ተላቆ የቀረ ወይም ከታች የረገፈ ክምር ምንም ዓይነት ቻርጅ አይደርሰውም። በዚህ ጊዜ የአሲዱ ሒሳብ 30 አምፔር-ሰዓት ተቆልፏል ቢልም የሚመለሰው ከዚያ ያንሳል። ከ1.265 በላይ አልወጣም ያለው የምሳሌያችን ባትሪ ቀሪውን 8 አምፔር-ሰዓት የያዘው በዚህ መልክ ሊሆን ይችላል።

በኤሌክትሪክ ምት እንሠራለን የሚሉ መሣሪያዎችም በዚሁ ሒሳብ ሊመዘኑ ይገባል። 30 አምፔር-ሰዓት የተቆለፈበትን ሴል ለመክፈት ቢያንስ 30 አምፔር-ሰዓት ከውጭ መግባት አለበት፤ ምቱ ምንም ያህል ፈጣን ቢሆን ይህን ዕዳ አይሰርዝም። ኃይሉን ከዚያው ከባትሪው ወስዶ ምት የሚመልስ መሣሪያ፣ በመንገድ የሚባክነው ሲታሰብ፣ ባትሪውን ያፈሳል እንጂ አይሞላም። ከቻርጀር ጋር የሚሠራው ዓይነት ሲፈተን ደግሞ ተገቢው ማነጻጸሪያ ምንም ሳይደረግለት የቀረ ባትሪ አይደለም፤ በተመሳሳይ ጊዜ ያንኑ ያህል አምፔር-ሰዓት በዝቅተኛ ቋሚ ፍሰት የተሰጠው ሌላ ባትሪ ነው። ያለዚህ ማነጻጸሪያ የተገኘ መሻሻል የምቱ ይሁን የቻርጁ መለየት አይቻልም። ወዲያው ከቻርጅ በኋላ 12.9 ቮልት ማሳየትም ሆነ የውስጥ ተቃውሞ መቀነስ የአቅም ማስረጃ አይሆንም፤ ማስረጃው ከሕክምናው በፊትና በኋላ በተመሳሳይ ፍሰት የተደረገ ሙሉ የማፍሰስ ፈተና ነው፤ ያም ከጥቂት ዙሮች በኋላ ሲደገም የጸና መሆን አለበት። ኢዲቲኤ የተባለው ኬሚካልም ሰልፌቱን ቢያሟሟ እርሳሱን ከፕሌቱ አውጥቶ በፈሳሹ ውስጥ ያስቀረዋል፤ ፕሌቱ ይጸዳል፣ ቁሱ ግን ይቀንሳል።

ክዳኑ የማይከፈት ባትሪ ሲሆን ሃይድሮሜትር መግቢያ የለውም። ለአንድ ሌሊት ካረፈ በኋላ የእያንዳንዱ ሴል ቮልቴጅ ከእፍግታው በ0.84 ያህል ስለሚበልጥ፣ 12.72 ቮልት 1.28ን፣ 12.36 ደግሞ 1.22ን ይጠቁማል። ነገር ግን እነዚህ ባትሪዎች ውኃ ሲያጡ ቀሪው አሲድ ይወፍራል፤ ቮልቴጁም ከፍ ይላል። ስለዚህ ዝቅ ያለ ንባብ ሰልፌትን ለመጠርጠር በቂ ሲሆን፣ ከፍ ያለ ንባብ ግን ነጻ አያወጣም። ረጅሙ የ16 ቮልት ቻርጅም የሚያጠፋውን ውኃ መተካት ስለማይቻል ለእነርሱ አይሆንም፤ ቮልቴጁ አምራቹ በፈቀደው ጣሪያ ይገደባል፤ የሚመለሰውም አቅም በዚያው ልክ ያንሳል።