ለስፕሬድ ፈቃድ የሚጻፍ ደብዳቤ፦ ብሮከሩ ማወቅ የሚፈልገው ምንድነው?

ዛሬ የዕለት ዋጋውን ትተን ትንሽ ወደ ትምህርት እንግባ። አሜሪካ ሆኖ የኢትዮጵያ ቡና የሚያስገባ አንድ ተከታታያችን፣ በቡና ኦፕሽን ላይ ስፕሬድ ለመሥራት እንዲፈቀድለት ለብሮከሩ የሚልከውን ደብዳቤ ረቂቅ ልኮልኝ «እስኪ እየው» አለኝ። ስሙን ሳልጠቅስ እንዳካፍላችሁ ተስማምቷል። አገር ቤት ላላችሁ ላኪዎችና ዩኒየኖችም ነገሩ ሩቅ አይደለም። ቡናችሁን በኒውዮርክ ዋጋ ላይ ፕላስ ወይም ማይነስ ብላችሁ ስትሸጡ፣ ገዢው ከዋጋ መውረድ ራሱን መከላከል መቻሉ ለእናንተ የሚሰጠውን ዋጋ ይነካዋል።

የመጀመሪያው ረቂቅ እንዲህ ይላል፦ «በቡና ንግድ የረጅም ጊዜ ልምድ አለኝ። ገበያውን በቅርብ እከታተላለሁ። ዓላማዬ ስጋትን ቀንሼ ገቢዬን ማሳደግ ነው።» ውሸት የለበትም። ግን ማንም ሰው ሊጽፈው ይችላል፤ ተቀባዩም ከዚህ ተነስቶ መወሰን አይችልም።

ደብዳቤውን የሚያነበው ሰው ምን ይዞ እንደተቀመጠ እንይ። አሜሪካ ውስጥ የፉቸርስ ብሮከሮችን የሚቆጣጠረው ማኅበር፣ ኤን ኤፍ ኤ፣ ብሮከሩ የደንበኛውን ሥራ፣ ዕድሜ፣ የዓመት ገቢ ግምት፣ የተጣራ ሀብትና የቀድሞ የኢንቨስትመንት ልምድ እንዲጠይቅ ያስገድዳል። ያ ሁሉ ፎርሙ ላይ ይሞላል። ስፕሬድ መፍቀድ ግን የየብሮከሩ የራሱ ውሳኔ ነው። ፎርሙ የማይነግረው አንድ ነገር ስላለ ነው ደብዳቤው የሚጠቅመው፦ ይህ ሰው የሸጠው ኦፕሽን ምን ሊያመጣበት እንደሚችል ገብቶታል ወይ?

በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲቀሉ የተመረጡ ናቸው፣ የዛሬ ዋጋ አይደሉም። አስመጪያችን አንድ ኮንቴይነር፣ 320 ጆንያ ባለ 60 ኪሎ፣ በቁርጥ ዋጋ ገዝቶ ቡናው ባሕር ላይ ነው። ይህ 19,200 ኪሎ፣ ወይም ወደ 42,300 ፓውንድ ይሆናል። የኒውዮርኩ የቡና «ሲ» ኮንትራት ደግሞ 37,500 ፓውንድ ስለሆነ፣ አንድ ኮንትራት ይይዝለታል፤ 4,800 ፓውንድ ያህል ሳይሸፈን ይቀራል። የአንድ ሳንቲም ለውጥ በአንድ ኮንትራት 375 ዶላር ነው።

ገበያው 300 ሳንቲም ላይ እያለ የ300 ፑት በ18 ሳንቲም ይገዛል፣ የ270 ፑት በ8 ሳንቲም ይሸጣል። ከኪሱ የሚወጣው 10 ሳንቲም፣ ማለትም 3,750 ዶላር ነው። ፑቱን ብቻውን ቢገዛ 6,750 ዶላር ይከፍል ነበር። ልዩነቱ በነፃ አልመጣም፤ ዋጋው ከ270 በታች ሲወርድ መከላከያው እዚያው ይቆማል። ስፕሬዱ ከኮሚሽን በፊት ቢበዛ 7,500 ዶላር ያስገኛል፣ ቢበዛ 3,750 ያስከስራል።

እሺ፣ ከፍተኛው ኪሳራ የታወቀ ከሆነ ፈቃድ ለምን አስፈለገ? ኪሳራው የታወቀው ሁለቱ እግሮች አብረው እስከቆሙ ድረስ ብቻ ስለሆነ ነው። አንዳንዱ ሰው የ300 ፑቱ ሲያተርፍለት እሱን ሸጦ የ270ውን ክፍት ይተዋል። ዋጋው ከዚያ ወደ 220 ቢወርድ በዚያ በአንዱ እግር ብቻ 50 ሳንቲም፣ 18,750 ዶላር ይጠየቃል።

ሁለተኛው ደግሞ ብዙ ሰው የማያየው ነው። ኦፕሽኑ በሚያበቃበት ዕለት ገበያው በሁለቱ መካከል፣ ለምሳሌ 285 ላይ ቢዘጋስ? የ270ው ፑት ዋጋ ቢስ ሆኖ ይሞታል። የ300ው ግን ገንዘብ ስላለው በራሱ ወደ ፉቸር ይለወጣል፤ ሰውየው በ300 የተሸጠ አንድ ፉቸርስ ኮንትራት ይዞ ያድራል። ስፕሬድ የሚባል ነገር የለም ከዚያ በኋላ። ገበያው በሚቀጥለው የሥራ ቀን 20 ሳንቲም ከፍ ቢል 7,500 ዶላር ከሒሳቡ ይወጣል። የቡናው ዋጋም አብሮ ጨምሯል ትሉኝ ይሆናል፣ ልክ ነው። ነገር ግን ቡናው ገና ባሕር ላይ ነው፤ ማርጂኑ ደግሞ የሚጠየቀው ዛሬ፣ በጥሬ ገንዘብ ነው።

ይህንን ተነጋግረን ደብዳቤው እንዲህ ሆነ (የተላከው በእንግሊዝኛ ነው)፦

«በሒሳቤ ላይ በቡና ‹ሲ› ኦፕሽን የፑት ስፕሬድ እንድሠራ እንዲፈቀድልኝ አመለክታለሁ። አረንጓዴ ቡና አስመጣለሁ፤ በአንድ ጊዜ ከአንድ ኮንቴይነር በላይ በቁርጥ ዋጋ አልይዝም። ዓላማዬ ከግዢ እስከ ሽያጭ ባለው ጊዜ የዋጋ መውረድን መከላከል ነው። እስካሁን በዚሁ ሒሳብ ፑት ገዝቼ አውቃለሁ፤ ኦፕሽን ሸጬ አላውቅም፣ ፉቸርስም ይዤ አላደርኩም። የምጠይቀው በአንድ ጊዜ ለአንድ ስፕሬድ ሲሆን፣ የምከፍለው ከ4,000 ዶላር አይበልጥም። ይህ ገንዘብ ቢጠፋ ለባንክ ብድርና ለቡና ግዢ ከመደብኩት አይነካም። ሁለቱን እግሮች በአንድ ትእዛዝ እከፍታለሁ፣ በአንድ ትእዛዝ እዘጋለሁ። ከማብቂያው አምስት የሥራ ቀን በፊት እወጣለሁ፤ ምክንያቱም ዋጋው በሁለቱ ስትራይኮች መካከል ቢዘጋ የተሸጠ ፉቸርስ እንደምይዝ አውቃለሁ። የሸጥኩት ፑት ቀድሞ ከተጠየቀብኝም በዚያው ቀን እደውላለሁ።»

«ኦፕሽን ሸጬ አላውቅም» የሚለውን ሊያወጣው ፈልጎ ነበር። እንዲተወው የነገርኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ የሒሳቡ ታሪክ ብሮከሩ እጅ ላይ አለ፤ ከታሪኩ ጋር የማይገጥም ቃል ሌላውን ሁሉ ያስጠረጥራል። ሁለተኛ፣ ጥያቄው ከልምዱ አንድ ደረጃ ብቻ ከፍ እንደሚል ያሳያል፦ ፑት የገዛ ሰው አሁን በስሩ አንድ ፑት ልሽጥ እያለ ነው። ልምድን በዓመት መቁጠርም ብዙ አይረዳም። የቡና ንግድ ልምድ ዓላማውን ያስረዳል እንጂ፣ ኦፕሽን ለመያዝ ያለውን ችሎታ አያሳይም። ሁለቱን ለይቶ መጻፍ ይሻላል።

ሰዎች «ዓላማ» በሚለው ሳጥን ላይ «ስፔኩሌሽን» ሙላ፣ ሀብትህንም ከፍ አድርገህ ጻፍ፣ ቶሎ ይፈቀድልሃል ሲሉ እሰማለሁ። እኔ አልመክርም። ኪሳራ መጥቶ ክርክር ቢነሳ፣ ብሮከሩ መጀመሪያ የሚያወጣው ያንኑ የሞላችሁትን ፎርም ነው፤ አደጋውን እችላለሁ ብለህ ፈርመሃል ይላል። በዚያ ላይ ቡና አስመጪ ሆኖ ስፔኩሌሽን ብሎ የሞላ ሰው፣ ደብዳቤው ውስጥ ስለ መከላከል ሲያወራ ሁለቱ አይገናኙም።

ከቀናት በኋላ ብሮከሩ በስልክ አንድ ጥያቄ ጠየቀው፦ በመጨረሻው ሳምንት ስፕሬዱን የሚገዛህ ብታጣ ምን ታደርጋለህ? ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የቡና ኦፕሽን በአንዳንድ ስትራይኮች ላይ ገዢና ሻጭ ይሳሳል፣ በሁለቱ ዋጋ መካከል ያለው ክፍተትም ይሰፋል። የሰጠው መልስ፦ የ270ውን ፑት መጀመሪያ መልሼ እገዛለሁ፣ ከዚያ የ300ውን እሸጣለሁ፤ ቅደም ተከተሉን አልገለብጥም። ፈቃዱ ለአንድ ስፕሬድ ብቻ፣ ለፑት ብቻ ተሰጠው።