እኩል አማካይ ውጤት ላላቸው ተማሪዎች ደረጃ ስለ መስጠት

በተማሪ የውጤት መግለጫ ካርድ ላይ የሚሰፍር የደረጃ ቁጥር አንድ ግልጽ ነገር መናገር አለበት፤ ይኸውም ከተማሪው የበለጠ ውጤት ያመጡት ስንት እንደሆኑ ነው። 3ኛ የወጣ ተማሪ ሁለት ተማሪዎች ብቻ እንደቀደሙት ይረዳል። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ተማሪዎች እኩል አማካይ ሲኖራቸው ግን ይህ ትርጉም በቀላሉ ይፋለሳል። ስለዚህ ደረጃ ከመስጠት በፊት ሁለት ጥያቄዎች በቅደም ተከተል መመለስ ይኖርባቸዋል፤ እኩልነቱ እውነተኛ ነውን? እውነተኛ ከሆነስ ቀጣዩ ተማሪ የትኛውን ቁጥር ያገኛል?

ለማሳያ ዘጠኝ የትምህርት ዓይነቶችን የተማሩ የአምስት ተማሪዎች ውጤት በምሳሌነት ቀርቧል። አማካዩ የተሰላው፣ በተለመደው አሠራር፣ የየመንፈቀ ዓመቱን አማካይ ወደ አንድ አስርዮሽ በማጠጋጋትና ሁለቱን ደምሮ ለሁለት በማካፈል ነው።

| ተማሪ | 1ኛ መንፈቅ ድምር | 2ኛ መንፈቅ ድምር | የዓመቱ ድምር | የተጠጋጋ አማካይ |
|---|---|---|---|---|
| ሀ | 800 | 802 | 1602 | 89.0 |
| ለ | 751 | 760 | 1511 | 83.9 |
| ሐ | 755 | 755 | 1510 | 83.9 |
| መ | 748 | 762 | 1510 | 83.9 |
| ሠ | 737 | 738 | 1475 | 81.95 |

በተጠጋጋው አማካይ ለ፣ ሐ እና መ እኩል 2ኛ ይሆናሉ። የዓመቱ ድምር ግን ሌላ ያሳያል። የለ ሁለት አማካዮች 83.44 እና 84.44 ስለነበሩ ሁለቱም ሲጠጋጉ ወደ ታች ወርደዋል፤ የሐ አማካይ በሁለቱም መንፈቆች 83.89 ስለነበር ወደ ላይ ወጥቷል። በዚህም ለ በአንድ ነጥብ ያገኘው ብልጫ ጠፍቷል። በሐ እና በመ መካከል ያለው እኩልነት እውነተኛ ሲሆን ከለ ጋር ያለው ግን ማጠጋጋት የፈጠረው ነው። ስለሆነም ደረጃ መሰላት ያለበት ካልተጠጋጋው የዓመቱ ድምር ነው፤ ማጠጋጋት ለኅትመት ብቻ ይቆያል። በካርዱ ላይ ድምሩም አብሮ ቢሰፍር፣ 83.9 ያላቸው ሁለት ተማሪዎች ለምን የተለያየ ደረጃ እንዳገኙ ወላጅ ራሱ ማረጋገጥ ይችላል።

እውነተኛው እኩልነት ከታወቀ በኋላ ቁጥር የመስጠቱ ጥያቄ ይከተላል። አንደኛው መንገድ 1፣ 2፣ 3፣ 3፣ 5 ሲሆን፣ ሁለተኛው ቁጥር ሳይዘል 1፣ 2፣ 3፣ 3፣ 4 ይላል። በሁለተኛው መንገድ አራት ተማሪዎች የቀደሙት ሠ 4ኛ ይባላል፤ እኩል ውጤት በበዛ ቁጥርም የክፍሉ የመጨረሻ ደረጃ ከተማሪዎቹ ብዛት እየራቀ ይሄዳል። የመጀመሪያው ግን የደረጃውን ትርጉም ይጠብቃል፤ የሚበልጡት ተማሪዎች ብዛት ሲደመር አንድ ነውና። ድምሩ በH ዓምድ ከተጻፈ በኤክሴል እንዲህ ይሰላል፦

```
=COUNTIF($H$2:$H$6,">"&H2)+1
```

RANK.EQ የተባለው ቀመርም ተመሳሳይ ውጤት ይሰጣል። RANK.AVG በበኩሉ ለሐ እና ለመ 3.5 ይሰጣል። ይህ ለካርድ ባይመችም የደረጃዎቹን ድምር በ15 ስለሚያጸና፣ በስፒርማን የደረጃ ተዛምዶ ለሚሠራ ጥናት ተገቢው እርሱ ነው።

ከሁሉም የከፋው ስልት ዝርዝሩን በውጤት ደርድሮ ከላይ ወደ ታች 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5 ብሎ መቁጠር ነው። ሮስተር አብዛኛውን ጊዜ በስም የፊደል ተራ ስለሚዘጋጅ፣ እኩል ውጤት ያላቸው ተማሪዎች ከተደረደሩ በኋላም በዚያው ተራ ይቆያሉ። ስሙ በ«ሀ» የሚጀምር ተማሪ በ«ፈ» የሚጀምረውን ያለ ምንም ብልጫ ይቀድማል ማለት ነው። ይህ ስሕተት መከሰቱን ለማወቅ በሮስተሩ ውስጥ እኩል ድምር ኖሯቸው የተለያየ ደረጃ የያዙ ተማሪዎችን መፈለግ ይበቃል።

ይህ አሠራር ሁለት ገደቦች አሉት። አንደኛ፣ ሁሉም ተማሪዎች እኩል ብዛት ያለው ትምህርት ካልወሰዱ ድምር ማወዳደሪያ መሆኑ ይቀራል። ለምሳሌ በሕመም ምክንያት ከሰውነት ማጎልመሻ ነፃ የሆነ ተማሪ ካለ ያልተጠጋጋው አማካይ መወሰድ አለበት። ሁለተኛ፣ እኩል ደረጃ የሽልማትን ጥያቄ አይፈታም። በምሳሌው እስከ 3ኛ ለወጡት ሽልማት ቢታሰብ ተሸላሚዎቹ አራት ይሆናሉ። ትምህርት ቤቱ አራተኛ ሽልማት ማዘጋጀት ወይም መለያ መስፈርት ማውጣት ይኖርበታል፤ መስፈርቱ ግን ውጤቱ ከመታወቁ በፊት የተነገረ መሆን አለበት። ከውጤት በኋላ የሚወጣ መስፈርት የሚጠቀመው ማን እንደሆነ ታውቆ የሚመረጥ ነውና።