ያልተከፈለ ደመወዝ በደብዳቤ እንዴት ይጠየቃል?

ደመወዝ ለወራት ሲቆም ብዙ ሠራተኞች መጀመሪያ በቃል ይጠይቃሉ። «በሚቀጥለው ሳምንት»፣ «ገንዘብ ሲገባ» የሚል መልስ እያገኙ ወራቱ ይነጉዳሉ። ይህ መጠበቅ ከባድ ጉዳት አለው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የደመወዝ ክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር ይርጋ ይታገዳል። ስድስቱ ወር የሚቆጠረው ለእያንዳንዱ ወር ደመወዝ በተናጠል ነው፤ የጥር ደመወዝ የራሱ ይርጋ አለው፣ የየካቲትም የራሱ።

ደብዳቤ ጽፎ መስጠት ብቻውን ይህን ይርጋ አያቋርጥም። የሚያቋርጡት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ለፍርድ ቤት ወይም የሥራ ክርክር ለሚወስን አካል አቤቱታ ማቅረብ፣ አዋጁን ለሚያስፈጽመው የመንግሥት መሥሪያ ቤት አቤት ማለት፣ ወይም አሠሪው ዕዳው እንዳለበት በግልጽ ማመኑ። ስለዚህ ጥሩ ደብዳቤ ገንዘቡን ከመጠየቁ ጎን አሠሪው በጽሑፍ «አለብኝ፣ በዚህ ቀን እከፍላለሁ» ብሎ እንዲመልስ ተደርጎ ይዘጋጃል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ወደዚህ መልስ ያመራሉ።

በምሳሌነት በአንድ የግል የልብስ ስፌት ድርጅት ውስጥ የምትሠራ ሠራተኛ እንውሰድ። ጠቅላላ ደመወዟ በወር ብር 12,000 ነው። የሥራ ውሏ አንቀጽ 5 ደመወዝ ወሩ በገባ በ30ኛው ቀን እንደሚከፈል ይናገራል። የጥር፣ የየካቲት፣ የመጋቢትና የሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ደመወዝ አልተከፈላትም።

1. አዋጁ እርስዎን እንደሚመለከት ያረጋግጡ

አዋጁ የሚሠራው በአሠሪና በሠራተኛ መካከል ባለ የሥራ ውል ላይ ነው። የመንግሥት ሠራተኞች፣ የሥራ መሪዎችና የቤት ሠራተኞች በዚህ አዋጅ አይተዳደሩም። ሥራ አስኪያጅ ወይም ሠራተኛ የመቅጠርና የማሰናበት ሥልጣን ያለው የሥራ መሪ ከሆኑ የአዋጁን አንቀጾች ጠቅሰው አይጻፉ፤ ጥያቄዎ በሥራ ውልዎና በፍትሐ ብሔር ሕጉ ላይ ይቆማል።

2. ማስረጃውን ይሰብስቡ

የሥራ ውሉን ያውጡና ሦስት ነገሮች ፈልገው ያስምሩበት፦ የደመወዙን መጠን፣ የሚከፈልበትን ቀን እና የአንቀጹን ቁጥር። ደመወዝ ተጨምሮልዎት ከነበረ የጭማሪው ደብዳቤ ከውሉ ጋር መያያዝ አለበት፤ አለዚያ አሠሪው በአሮጌው ደመወዝ ሊከራከር ይችላል። ቀጥሎ ደመወዝ የሚገባበትን የባንክ ሂሳብ መግለጫ ያስወጡ። መግለጫው እስከ ታኅሣሥ በየወሩ ገንዘብ ሲገባ ቆይቶ ከጥር ጀምሮ እንዳልገባ በአንድ ገጽ ያሳያል።

የጽሑፍ ውል የለዎትም? ውል በጽሑፍ አለመሆኑ መብትዎን አያሳጣዎትም። የባንክ መግለጫው፣ የሥራ መታወቂያው፣ የጡረታ መዋጮ መዝገቡና የሥራ መግቢያ ፊርማ የሥራ ግንኙነቱን ያስረዳሉ። በዚህ ጊዜ በደብዳቤው «በሥራ ውሌ አንቀጽ 5 መሠረት» ከማለት ይልቅ «እስከ ታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. በየወሩ ሲከፈለኝ በቆየው መሠረት» ብለው ይጽፋሉ።

አንድ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ፦ ላልተቀበሉት ደመወዝ በፔሮል ላይ አይፈርሙ። «ፈርሚና ገንዘቡ ሲመጣ ይሰጥሻል» የሚል ጥያቄ በደግ ልብ ሊቀርብ ይችላል፤ ነገር ግን በፔሮሉ ላይ ያለው ፊርማ ደመወዙ ተከፍሏል ለሚል ክርክር የአሠሪው ዋና ማስረጃ ይሆናል።

3. ሂሳቡን በየወሩ ለይተው ያስሉ

የሚጠይቁት ጠቅላላ ደመወዙን ነው። የሥራ ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ከዚሁ ላይ አሠሪው ቀንሶ ለሚመለከተው አካል ማስገባት ስላለበት፣ የተጣራውን ብቻ ከጠየቁ የጡረታዎ ጉዳይ ተዘሎ ይቀራል። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ወይም አበል ካለ ከደመወዙ ጋር ሳይደባልቁ በሌላ መስመር ያስቀምጡ፤ በአዋጁ አንቀጽ 53 እነዚህ ደመወዝ ተብለው አይቆጠሩምና ክርክር ከተነሳባቸው ዋናውን ጥያቄ ይዘው እንዳይጎትቱ ነው።

በምሳሌአችን አራት ወር በብር 12,000 ሲባዛ ብር 48,000 ይሆናል። የጥር ደመወዝ መከፈል የነበረበት ጥር 30 ስለሆነ ስድስት ወሩ የሚሞላው ሐምሌ 30 ነው። ይህን ቀን በማስታወሻዎ ላይ ይጻፉ፤ በደብዳቤው ውስጥ ግን አያስገቡት። ለአሠሪው የይርጋ ቀን ማስታወስ የእርስዎ ሥራ አይደለም።

4. የክፍያ ቀን ይቁረጡ

«በአስቸኳይ ይከፈለኝ» የሚል ደብዳቤ አሠሪውን ለምንም አያስገድደውም፤ ቀን ሊኖረው ይገባል። ሁለት ቀኖች ያስፈልጋሉ፦ የጽሑፍ መልስ የሚሰጥበት እና ገንዘቡ የሚከፈልበት። ለመልሱ አንድ ሳምንት፣ ለክፍያው ሁለት ሳምንት ያህል ምክንያታዊ ነው። ቀኑ የሥራ ቀን ይሁን፤ ባንክ በሚዘጋበት በዓል ላይ አይዋል።

ድርጅቱ በእውነት የገንዘብ እጥረት ካለበት ሁለተኛ አማራጭ ያቅርቡ፤ ለሁለት የተከፈለ ክፍያ። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ የሚከፈለው የቆየው ወር መሆን አለበት፤ ይርጋው ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነውና።

5. ደብዳቤውን ይጻፉ

አንድ ገጽ ይበቃል። ቤተሰብ መቸገሩን፣ የቤት ኪራይ መከማቸቱን መዘርዘር አያስፈልግም፤ ደመወዙ የሚከፈለው ሥራው ስለተሠራ ነው። ስድብና ዛቻም አይግባ። ደብዳቤው ነገ ዳኛ ፊት የሚነበብ ወረቀት መሆኑን እያሰቡ ይጻፉ። የምሳሌአችን ሠራተኛ ደብዳቤ ይህን ይመስላል፦

> ቀን፦ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.
>
> ለ፦ (የድርጅቱ ሙሉ ስም) ሥራ አስኪያጅ
> አዲስ አበባ
>
> ጉዳዩ፦ ያልተከፈለኝ የአራት ወር ደመወዝ እንዲከፈለኝ ስለመጠየቅ
>
> በድርጅቱ ውስጥ በልብስ ስፌት ባለሙያነት ተቀጥሬ በመሥራት ላይ እገኛለሁ። በሥራ ውላችን አንቀጽ 5 መሠረት ወርኃዊ ጠቅላላ ደመወዜ ብር 12,000 ሲሆን፣ የሚከፈለውም በየወሩ በ30ኛው ቀን ነው።
>
> ሥራዬን ሳላቋርጥ ያከናወንኩ ቢሆንም የሚከተሉት ወራት ደመወዝ አልተከፈለኝም፦
>
> የጥር 2017 ዓ.ም. ብር 12,000
> የየካቲት 2017 ዓ.ም. ብር 12,000
> የመጋቢት 2017 ዓ.ም. ብር 12,000
> የሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ብር 12,000
> ድምር ብር 48,000
>
> በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 12 አሠሪ ለሠራተኛው ደመወዝ የመክፈል፣ በአንቀጽ 58 ደግሞ በሥራ ውሉ በተወሰነው ጊዜ የመክፈል ግዴታ አለበት። ስለዚህ ብር 48,000 እስከ ግንቦት 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ደመወዜ በሚገባበት የባንክ ሂሳብ ገቢ እንዲደረግልኝ፣ የጡረታ መዋጮዬም እንዲከፈል እጠይቃለሁ።
>
> ድርጅቱ በአንድ ጊዜ መክፈል የማይችል ከሆነ የጥርና የየካቲት ደመወዝ እስከ ግንቦት 22፣ የመጋቢትና የሚያዝያ ደግሞ እስከ ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. እንዲከፈለኝ እስማማለሁ።
>
> ድርጅቱ የትኛውን እንደሚቀበል፣ ያልተከፈለውን የገንዘብ መጠንና የሚከፍልበትን ቀን ጠቅሶ እስከ ግንቦት 13 ቀን 2017 ዓ.ም. በጽሑፍ እንዲያሳውቀኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። በዚህ ጊዜ ካልተፈጸመልኝ መብቴን በሕግ ለመጠየቅ እገደዳለሁ።
>
> ከሰላምታ ጋር
> (ስምና ፊርማ)
>
> አባሪ፦ የሥራ ውል 3 ገጽ፣ የባንክ ሂሳብ መግለጫ 1 ገጽ
> ግልባጭ፦ ለፋይናንስ ክፍል

በደብዳቤው ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው መልሱ የገንዘብ መጠኑንና ቀኑን እንዲጠቅስ የሚጠይቀው ዓረፍተ ነገር ነው። ያለ እሱ «ጉዳይዎን እያየነው ነው» የሚል መልስ ይመጣል። እንዲህ ያለው መልስ ዕዳን ማመን አይደለም።

6. ሰጥተው ማረጋገጫ ይቀበሉ

ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ያዘጋጁ። አንዱን መዝገብ ቤት ገቢ ያድርጉ፤ በእጅዎ በሚቀረው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም ያስመቱ። መዝገብ ቤት ከሌለ የተቀበለው ሰው «ደርሶኛል» ብሎ ስሙን፣ ቀኑንና ፊርማውን ያኑርበት። አልቀበልም ካሉ በፖስታ ቤት በሪኮማንዴ ይላኩና ደረሰኙን ይያዙ። ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም መላክ ተጨማሪ ሊሆን ይችላል እንጂ ይህን አይተካም።

ደብዳቤው ከገባ በኋላም ሥራ ገበታዎ ላይ ይገኙ። ደመወዝ ስላልተከፈለ ብቻ መቅረት፣ አሠሪው ጉዳዩን ወደ ሥራ መቅረት እንዲያዞረው በር ይከፍታል።

7. መልሱን በጥንቃቄ ያንብቡ

ጥሩ መልስ «የጥር፣ የየካቲት፣ የመጋቢትና የሚያዝያ ደመወዝ ብር 48,000 አለመከፈሉን እናረጋግጣለን፤ እስከዚህ ቀን እንከፍላለን» የሚል፣ የተፈረመና ማህተም ያረፈበት ነው። ይህ ዕዳውን በግልጽ ማመን ስለሆነ ይርጋውን ያቋርጣል። አሠሪው በማመኑ የተነሳ ይርጋ የሚቋረጠው ግን በጠቅላላው ከሦስት ጊዜ በማይበልጥ ነው፤ ስለዚህ ቃል እየታደሰ ያለ ማብቂያ አይኬድም።

ከፊል ክፍያ ሲመጣ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሰኔ ብር 12,000 ቢገባና በደረሰኙ ላይ «የሚያዝያ ደመወዝ» ተብሎ ቢጻፍ፣ የጥሩ ሳይከፈል ይርጋው እየቀረበ ይሄዳል። ከመፈረምዎ በፊት ገንዘቡ የጥር ደመወዝ መሆኑ እንዲጻፍ ይጠይቁ። «ከድርጅቱ የምፈልገው ሌላ ክፍያ የለም» የሚል ዓረፍተ ነገር ካለበት፣ ሙሉው ገንዘብ ሳይገባ አይፈርሙ።

8. መልስ ካልመጣ

ግንቦት 22 ካለፈ ሁለተኛና ሦስተኛ ደብዳቤ እየጻፉ ጊዜ አያጥፉ። የምሳሌአችን ሠራተኛ ሐምሌ 30ን መጠበቅ የለባትም፤ ሰኔ መጨረሻን የራሷ የመጨረሻ ቀን ብታደርግ የጎደለ ማስረጃ ለማሟላት አንድ ወር ይተርፋታል። በአካባቢው ለሚገኘው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት አቤቱታዋን በጽሑፍ አቅርባ የመዝገብ ቁጥር መቀበል ትችላለች፤ ወይም በቀጥታ ለመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ክስ ታቀርባለች። ሠራተኛ ለሚያቀርበው የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። ከክሱ ጋር የምታያይዘውም ያዘጋጀችውን ነው፦ ውሉን፣ የባንክ መግለጫውንና ማህተም ያረፈበትን የደብዳቤ ቅጂ።

ሥራውን የለቀቁ ከሆነ ሂሳቡ ጥቂት ይለያል። አሠሪው ውሉ ከተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ የሚገባዎትን ሁሉ መክፈል አለበት፤ ከአቅሙ በላይ ባልሆነ ምክንያት ካዘገየ ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ተጨማሪ ሊያስከፍለው ይችላል። ውሉ በመቋረጡ የሚጠየቁ ክፍያዎችም ይርጋቸው ከተቋረጠበት ቀን የሚቆጠር ስድስት ወር ነው።

ዛሬ ያልተከፈለ ደመወዝ ካለዎት በመጀመሪያ በጣም የቆየው ወር መቼ መከፈል እንደነበረበት ያስሉ፤ ስድስት ወር ሊሞላው ከተቃረበ ደብዳቤውን ይተዉና በቀጥታ አቤቱታ ያስገቡ።