ከማርክ ሊስቱ ፎቶ እስከ ተማሪው ደረጃ

ሴሚስተሩ ሲዘጋ የክፍል ኃላፊ መምህራን ስልክ በፎቶ ይሞላል። የሒሳቡ መምህር፣ የባዮሎጂዋ መምህርት፣ የታሪኩ መምህር፣ ሁሉም በእስክሪፕቶ የሞሉትን ማርክ ሊስት ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ይልካሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ሸክም የኃላፊው ነው። እያንዳንዱን ቁጥር ወደ ኤክሴል ገልብጦ አማካዩን፣ ሚዲያኑንና የእያንዳንዱን ተማሪ ደረጃ ማውጣት አለበት። ስሌቱ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ጥፋት የሚገባው ግን ከስሌቱ በፊት፣ ቁጥሩ ከፎቶ ወደ ሰንጠረዥ በሚሻገርበት ጊዜ ነው።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከፎቶው ነው። ቴሌግራም በፎቶነት የተላከን ምስል መጠኑን ስለሚቀንሰው ደቃቅ የእጅ ጽሑፍ ይደበዝዛል። ያው ምስል በፋይልነት ሲላክ ግን ጥራቱ አይነካም። ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ በትክክል ከላይ ቢነሣ ይመረጣል። ከጎን የተነሣ ፎቶ መስመሮቹን ያዘነብላቸዋል፤ ዓይንም ከስሙ ተነሥቶ ወደ ውጤቱ ሲሄድ ሳይታወቀው ወደ ቀጣዩ ተማሪ ረድፍ ይወርዳል።

ለማሳያ የሚሆን የአንድ ትምህርት አነስተኛ ማርክ ሊስት እነሆ። ቴስቱ ከ20፣ ሚዱ ከ30፣ ፋይናሉ ከ50 የተያዘ ሲሆን የመጨረሻው ዓምድ መምህሩ ራሱ ደምሮ የጻፈው ነው። 7ኛው ተማሪ ፋይናል አልተፈተነም።

| ተ.ቁ | ቴስት | ሚድ | ፋይናል | ድምር |
|---|---|---|---|---|
| 1 | 16 | 24 | 38 | 78 |
| 2 | 12 | 19 | 33 | 64 |
| 3 | 18 | 28 | 45 | 91 |
| 4 | 11 | 17 | 27 | 55 |
| 5 | 15 | 22 | 41 | 78 |
| 6 | 17 | 25 | 41 | 83 |
| 7 | 13 | 20 | | |
| 8 | 9 | 13 | 25 | 47 |
| 9 | 14 | 21 | 37 | 72 |
| 10 | 13 | 18 | 37 | 68 |

ብዙዎች ጊዜ ለመቆጠብ ሲሉ የመጨረሻውን ዓምድ ብቻ ይገለብጣሉ። ይህ መንገድ ያለውን ብቸኛ ማረጋገጫ ይጥላል። የሚሻለው ሦስቱንም ውጤቶች ገልብጦ ኤክሴል እንዲደምራቸው ማድረግ፣ መምህሩ የጻፈውን ድምር ደግሞ ለብቻው በአጠገቡ ማስፈር ነው። በኤክሴል ገጽ ላይ A ተራ ቁጥሩን፣ B ስሙን፣ C፣ D እና E ሦስቱን ውጤቶች ቢይዙ፣ F የኤክሴሉን ድምር፣ G የመምህሩን ድምር፣ H ደግሞ ልዩነታቸውን ያሳያል።

```
F2:  =SUM(C2:E2)
H2:  =F2-G2
```

H ላይ 0 ያልሆነ ቁጥር ሲወጣ ያ ረድፍ እንደገና ይታያል። ልዩነቱ ራሱም ፍንጭ አለው። 9 ወይም የ9 ብዜት ከሆነ ብዙውን ጊዜ ሁለት አሃዞች ቦታ ተለዋውጠዋል ማለት ነው፤ 21 የነበረው 12 ሲሆን የሚቀነሰው ልክ 9 ነው። 5 ከሆነ 8 እንደ 3፣ ወይም 9 እንደ 4 ተነብቦ ሊሆን ይችላል። 6 ከሆነ ደግሞ 7 እንደ 1 የታየበትን ቦታ መፈለግ ያዋጣል። ፎቶው ደጋግሞ ታይቶ ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ከተገኘ ደማሪው መምህር ተሳስቶ ሊሆን ስለሚችል የሚጠየቀው እሱ ነው። ኃላፊው በራሱ ግምት ማረም የለበትም።

የአንዲት እንዲህ ያለች ስህተት ጉዳት ምን ያህል ነው? የ9ኛው ተማሪ ሚድ 21 መሆኑ ቀርቶ 12 ተብሎ ገባ እንበል። ድምሩ ከ72 ወደ 63 ይወርዳል። የክፍሉ አማካይ ግን ከ70.67 ወደ 69.67 ብቻ ዝቅ ስለሚል ማንም አይጠራጠርም። ሚዲያኑ በአንጻሩ ከ72 ወደ 68 ይወርዳል። ከሁሉ የከፋው ደረጃው ነው፦ 5ኛ የነበረው ልጅ 7ኛ ይሆናል፤ 6ኛው 5ኛ፣ 7ኛው 6ኛ ሆነው ይወጣሉ። በአንድ ልጅ ረድፍ ላይ የተሠራው ስህተት በሦስት ልጆች ካርድ ላይ ይጻፋል። አማካዩ ደኅና መስሎ መታየቱ ለደረጃው ዋስትና የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የድምር ማረጋገጫው የማይደርስበት አንድ ስህተት አለ። አንድ ረድፍ ተዘልሎ ውጤቱ ሁሉ ወደ ላይ ከተሸጋሸገ የ5ኛው ተማሪ ቁጥሮች ከነድምራቸው 4ኛው ስም አጠገብ ያርፋሉ፤ H ላይም 0 ይወጣል። ለዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው። ግልበጣው ሲያልቅ የመጀመሪያው፣ የመሐሉና የመጨረሻው ስም ከነውጤታቸው ከፎቶው ጋር ይመሳከራሉ። የመጨረሻው ስም ከመጨረሻው ውጤት ጋር ካልገጠመ መንሸራተት አለ።

አሁን 7ኛው ተማሪ ጋ እንመለስ። ፋይናሉ ባዶ ቢሆንም SUM ሁለቱን ደምሮ 33 ይሰጣል፤ ይህ ቁጥር ሳይታይ ካለፈ ያልተፈተነው ልጅ እንደ ወደቀ ይቆጠራል። አማካዩ ወደ 66.9፣ ሚዲያኑም ወደ 70 ይወርዳል። ስለዚህ ጉዳዩ እስኪወሰን ድረስ የእሱ F ሴል ባዶ ይደረጋል፤ 0 አይጻፍበትም። AVERAGE እና MEDIAN ባዶን ሴል ያልፉታል፣ 0ን ግን እንደ ውጤት ይቆጥሩታል።

```
=AVERAGE(F2:F11)
=MEDIAN(F2:F11)
```

የዘጠኙ ድምር 636 ሲሆን ለ9 ሲካፈል 70.67 ይመጣል። ሚዲያኑን ያለ ኮምፒዩተርም ማግኘት ይቻላል። ውጤቶቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ይደረደራሉ፦ 47፣ 55፣ 64፣ 68፣ 72፣ 78፣ 78፣ 83፣ 91። መሐል ላይ፣ 5ኛው ቦታ የተቀመጠው 72 ነው። የተማሪዎቹ ቁጥር ሙሉ በሙሉ ለ2 የሚካፈል ቢሆን ኖሮ የመሐሉ ሁለት ውጤቶች ተደምረው ለ2 ይካፈሉ ነበር። እዚህ አማካዩ ከሚዲያኑ ዝቅ ያለው 47 እና 55 ወደ ታች ስለጎተቱት ነው።

ለደረጃ የሚጻፈው ፎርሙላ የሚከተለው ነው፤ ከላይ ተጽፎ ወደ ታች ይሳባል። የ7ኛው ተማሪ የደረጃ ሴል ግን ባዶ ይቀራል።

```
=RANK(F2,F$2:F$11)
```

ሁለቱ የዶላር ምልክቶች ከተረሱ ፎርሙላው ሲሳብ የሚወዳደርበት ክልልም አብሮ ይወርዳል። ያኔ የመጨረሻው ተማሪ የሚወዳደረው ከራሱ ጋር ብቻ ስለሚሆን 68 ያለው ልጅ 1ኛ ይወጣል። የሰንጠረዡ የመጨረሻ ረድፍ ላይ ያልተጠበቀ 1 ከታየ ጉዳዩ ይኸው ነው። ትክክለኛው ውጤት 91 ያለውን 1ኛ፣ 83 ያለውን 2ኛ ያደርጋል። 78 ያላቸው ሁለቱም 3ኛ ናቸው። 72 ያለው 5ኛ ይሆናል እንጂ 4ኛ አይባልም፤ ከሱ በፊት አራት ልጆች አሉና።

የሁሉም ትምህርቶች ውጤት ሮስተር ላይ ሲጠቃለል ደግሞ ደረጃው መውጣት ያለበት ካልተጠጋጋው ድምር ነው። በስምንት ትምህርት 645 እና 647 ያመጡ ሁለት ተማሪዎች አማካያቸው 80.625 እና 80.875 ነው። ሁለቱም ተጠጋግተው 81 ተብለው ከተጻፉና ደረጃው ከዚያ ከወጣ እኩል ይሆናሉ፤ በሁለት ነጥብ የበለጠችው ልጅም የሚገባትን ደረጃ ለብቻዋ አታገኝም።