የዋጋ መልእክት በ70 ፊደል፦ ዳታ ለሚወደድበት ገበያ እንዴት እንጻፍ?

ዛሬ ዋጋ ይዤ አልመጣሁም፤ ስለ ዋጋ አጻጻፍ ነው። ሰሊጥ መነሳት ሲጀምር ከመተማ፣ ከቋራና ከምዕራብ አርማጭሆ በኩል በየዓመቱ የሚመጣ አንድ ቅሬታ አለ፦ «የምትልኩት ነገር ዳታችንን በላው፣ የፈለግነውን ዋጋ ግን አላገኘንም።» ቅሬታው ልክ ነው። አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ በዋይፋይ ለተቀመጠ ላኪ አንድ ፎቶ ምንም አይደለም። እርሻ ካምፕ ላይ ሆኖ የቀን ጥቅል የገዛ ሰው ግን ኔትወርክ የሚያገኘው ከፍ ያለ ቦታ ሲወጣ ነው፤ ያችን ፎቶ የሚያወርደውም ከኪሱ ከፍሎ ነው።

መጀመሪያ የቱ ነገር ዳታ እንደሚበላ እንለይ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። በኢንተርኔት ሲሄድ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፣ የላቲን ፊደልና ቁጥር ደግሞ 1 ባይት። ስለዚህ አማርኛ ከእንግሊዝኛ «ይከብዳል» የሚባለው እውነት ቢሆንም ክብደቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ይህ የምታነቡት ጽሑፍ ሙሉው ከ25 ኪሎ ባይት አይበልጥም። በቴሌግራም የተቀዳ የአንድ ደቂቃ ድምፅ ግን እንደ ስልኩ ከ100 እስከ 250 ኪሎ ባይት ይደርሳል። የዋጋ ሰሌዳ ፎቶ በተለመደው መንገድ ሲላክ ተጨምቆም ቢሆን ብዙ ጊዜ 100 ኪሎ ባይት ያልፋል። «ጥራቱ እንዳይቀንስ» ተብሎ እንደ ፋይል ከተላከ ደግሞ ወደ ሜጋ ባይት ይገባል። ቅንብሩ ካልተነካ ቴሌግራም ፎቶና ድምፅን በሞባይል ዳታም ቢሆን ራሱ ያወርዳል፤ ሰውዬው ባይከፍተውም ከፍሎበታል ማለት ነው።

ለማረጋገጥ የፈለገ ስልኩ ላይ Settings → Data and Storage → Data Usage ገብቶ ይመልከት። ለፎቶ፣ ለድምፅ፣ ለቪዲዮና ለጽሑፍ ስንት እንደሄደ ለየብቻ ይታያል። የጽሑፉ ድርሻ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ሲያይ ይገርመዋል። አንድሮይድ ላይ እዚያው Automatic media download ስር When using mobile data የሚለውን ማጥፋት ይቻላል። ለየዩኒየኑ ጸሐፊዎች በአካል ስታገኟቸው ይህን ብታሳዩአቸው ጥሩ ነው። ሆኖም አንባቢው ቅንብሩን እስኪቀይር መጠበቅ የለብንም፤ የምንልከው እኛ ነን።

ታዲያ ጽሑፍ ርካሽ ከሆነ ለምን አጭር ይሁን? ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው፣ ዋጋው ቴሌግራም ላይ አያበቃም። የዩኒየኑ ጸሐፊ አንብቦ ወደ መሠረታዊ ማኅበራት ይልካል፤ ከዚያ ወዲያ ብዙው ገበሬ የያዘው ተራ ስልክ ነው፣ የሚደርሰውም በኤስኤምኤስ ነው። ኤስኤምኤስ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ በአንድ መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ብቻ ነው፤ ክፍተትና ነጥብም ይቆጠራሉ። 71 ከሆነ ለሁለት ይከፈላል፣ እያንዳንዱም ክፋይ 67 ብቻ ይይዛል፣ ሂሳቡም የሁለት ይሆናል። በላቲን ፊደል ቢጻፍ 160 ይይዛል፤ ነገር ግን መሃል ላይ አንዲት የአማርኛ ፊደል ወይም ኢሞጂ ከገባች ሙሉ መልእክቱ ወደ 70 ይወርዳል። ስለዚህ «በላቲን ልጻፈውና መጨረሻ ላይ ሰላምታውን በአማርኛ ልጨምር» የሚል ሰው ምንም አላተረፈም።

ሁለተኛው ምክንያት መመላለሱ ነው። የምር ገንዘብ የሚበላው እሱ ይመስለኛል። እንዲህ ያለውን ንግግር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ (ቁጥሮቹ ለማስረጃ ያህል የተቀመጡ ናቸው፣ የዛሬ ዋጋ አይደሉም)፦

«ሰላም ነው ወንድሜ፣ ሰሊጥ ስንት ገባ?»
«ሰላም ጋሼ፣ እንዴት ከረምክ? ዛሬ ጥሩ ነው፣ 9,800»
«የት?»
«ጎንደር»
«መጋዘን ድረስ ነው?»
«አዎ፣ ትራንስፖርት በእናንተ»
«ያልተበጠረውስ?»

ዋይፋይ ላለው ይህ የሁለት ደቂቃ ወሬ ነው። ኔትወርክ በቀን ሁለቴ ለሚያገኝ ሰው ግን እያንዳንዱ ጥያቄ ግማሽ ቀን ነው። «የት?» ብሎ ጠይቆ ወደ እርሻው ይወርዳል፣ «ጎንደር» የሚለውን ማታ ያየዋል። ያን ቀን የቀን ሠራተኛ መክፈል ያለበት ሰው እስከዚያ አይጠብቅም፣ በሰማት ቁጥር ይወስናል። ትራንስፖርቱ በኩንታል 250 ብር ነው እንበል። 100 ኩንታል ላለው ሰው 9,800 ገንዳ ውሃ ላይ ነው ብሎ መረዳትና ጎንደር ድረስ ነው ብሎ መረዳት 25,000 ብር ይለያያሉ። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ጭቅጭቅ ታውቁታላችሁ፤ መኪናው ተጭኖ ቆሞ፣ አንዱ «ዋሸኸኝ» ሌላው «አልጠየቅከኝም» ይላል።

አሁን እንዲህ ያለ መልስ በአንድ መልእክት ሲጻፍ፦

«ሰሊጥ 9,800 ብር/ኩንታል፣ ገንዳ ውሃ፣ መጋዘን ድረስ፣ የተበጠረ፣ ህዳር 5 ጠዋት፣ ለዛሬ ብቻ»

ቁጠሩት፣ 61 ፊደል ነው። በቴሌግራም ጽሑፉ 145 ባይት ይሆናል፤ ያንኑ በሁለት ደቂቃ ድምፅ ብንናገረው ከሺህ እጥፍ በላይ ይመዝናል። በኤስኤምኤስም ሳይከፈል ያልፋል። ቅደም ተከተሉን አስተውሉ። ምርቱና ዋጋው ከፊት የመጡት ስልኩ ሳይከፈት ማሳወቂያው ላይ የሚታየው የመጀመሪያው መስመር ስለሆነ ነው። ቀጥሎ ቦታውና የርክክብ ሁኔታው ይመጣል፣ ምክንያቱም ዋጋውን ከሁሉ በላይ የሚቀይሩት እነሱ ናቸው። ቀኑና «ለዛሬ ብቻ» መጨረሻ ላይ ናቸው፤ ግን እንዳይቀሩ። መልእክት ሁልጊዜ በተላከበት ቀን አይደርስም፣ የትናንቱን ዋጋ ዛሬ ያየ ሰው ቀን ካልተጻፈበት የዛሬ ይመስለዋል።

የቀሩት 9 ፊደሎች ናቸው። እዚህ ላይ መምረጥ ግድ ነው። ክፍያው በእጅ ይሁን በኋላ ካልተለየ «በእጅ» የሚለውን ጨምሩ፤ ከነነጥቡና ክፍተቱ 5 ፊደል ነው፣ 66 ላይ ይቆማል። አንዳንዶች የምንጩን ስም ማስገባት ይመርጣሉ። የእኔ ሐሳብ ክፍያው ይቅደም ነው፦ በቴሌግራም ፎርዋርድ ሲደረግ የቻናሉ ስም አብሮ ይሄዳል፣ በኤስኤምኤስም ገበሬው የማኅበሩን ጸሐፊ ቁጥር ያውቀዋል። ኮፒ ተደርጎ ሲለጠፍ ግን ምንጩ ይጠፋል፤ ይህ የአጭር መልእክት እውነተኛ ድክመቱ ነው።

ሰላምታውስ? «ዋጋ ብቻ ጥሎ ሄደ» እንዳትባሉ የምትፈሩ አላችሁ፣ አይፈረድባችሁም። ሰላምታው ከዋጋው በኋላ፣ በሌላ መስመር ይምጣ። ወደ ኤስኤምኤስ የሚያሻግረው ጸሐፊ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ይወስዳል፣ ክብሩም አይጎድልም። ጠያቂውም በበኩሉ ይርዳ፦ «ስንት ገባ?» ከማለት «ሰሊጥ 80 ኩንታል፣ ያልተበጠረ፣ ሽንፋ፣ ዛሬ ስንት?» ቢል መልሱ በአንዴ ያልቃል።

እያንዳንዱ መልእክት ብቻውን መቆም አለበት። «ከላይ እንዳልነው ላይ 200 ጨምሯል» የሚል መልእክት አይቻለሁ፤ ከላይ ያለውን ላልደረሰው ሰው ይህ ምንም አይነግረውም። ሁልጊዜ ሙሉውን አዲስ ዋጋ ጻፉ። ዋጋ ባይለወጥም «ሰሊጥ 9,800፣ ለውጥ የለም፣ ህዳር 6» ብሎ መላክ ያስፈልጋል። እዚያ ያለው ሰው ዝምታን ሲያይ ዋጋው ስላልተለወጠ ይሁን ኔትወርኩ ስለጠፋ መለየት አይችልም።

ይህ ነገር አዲስ አይደለም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ዋጋውን በየከተማው በተተከሉ ሰሌዳዎች ብቻ አልተወውም፣ በ929 የስልክ ጥሪም አሰምቷል። የግብርናው 8028ም በዚያው መንገድ ነው የሄደው፤ ደዋዩ ቋንቋውን ይመርጣል፣ ቁጥር ይጫናል፣ የፈለገውን ብቻ ይሰማል፣ ዳታ አያስፈልገውም። ማንበብ ለማይችል ሰው ድምፅ ይሻለዋል የሚለው ክርክር ትክክል ነው፤ ግን ድምፅ በዳታ መላክና ድምፅ በስልክ ጥሪ ማሰማት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ማንበብ ለማይችሉ አባላት ጸሐፊው ያችን አንድ መስመር ደውሎ ያንብብላቸው፤ 15 ሰከንድ አይፈጅም።

በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥና ለወራት ሳይመለስ ሲቀር ልዩነቱ ግልጽ ሆኖ ነበር። በፎቶና በፒዲኤፍ የሚሠራ የዋጋ አገልግሎት በአንድ ቀን ይቆማል። በአንድ መስመር የሚጻፍ ግን ኤስኤምኤስ ወይም ጥሪ በሚሠራበት ቦታ ሁሉ ቃሉ ሳይለወጥ ይሻገራል። ያ ወቅት ተመልሶ ባይመጣ እንኳ በክረምት ኔትወርክ የሚጠፋባቸው ቀበሌዎች አሉ።

በ70 ፊደል የማይገባም አለ። የውል ዝርዝር፣ የጥራት መስፈርት፣ የውጭ ገበያ ትንታኔ ለላኪዎች በሰነድ መላክ አለበት። እንዲህ ሲሆን ከሰነዱ በፊት በጽሑፍ አስታውቁ፦ «ፒዲኤፍ፣ 3 ሜጋ፣ ላኪዎችን ብቻ የሚመለከት፣ ዋጋ የለበትም።» ገበሬውና ጸሐፊው ሳይከፍቱት ያልፉታል። የሰሌዳ ፎቶም ለማስረጃ ካስፈለገ ዋጋው በጽሑፍ ከላይ ይቀመጥ፣ ፎቶው ለብቻው ይከተል። ሊንክ ስትልኩም ቅድመ እይታውን አጥፉት፤ ከሊንኩ ጋር የሚመጣው ምስል ለአንባቢው ሌላ ወጪ ነው።

አንድ የቀረ ነገር ስለ እርማት ነው። ዋጋ ተሳስቶ ሲጻፍ ብዙ የቻናል ባለቤቶች የድሮውን መልእክት ኤዲት ያደርጉታል፤ ቻናሉ ንጹሕ ስለሚመስል። ነገር ግን ኤዲት ሲደረግ አዲስ ማሳወቂያ አይሄድም። የመጀመሪያውን አንብቦ ወደ ኤስኤምኤስ ያሻገረው ጸሐፊ መታረሙን አያውቅም፤ አርባ ሰው ጋ የደረሰው ስህተት እዚያው ይቀራል። ስለዚህ የድሮውን ሳትነኩ በሪፕላይ አዲስ መልእክት ላኩ፣ የመጀመሪያው ቃል «እርማት» ይሁን፣ ሁለቱም ቁጥሮች ይግቡ፦

«እርማት፦ ሰሊጥ 9,300 እንጂ 9,800 አይደለም፣ ገንዳ ውሃ፣ ህዳር 5 ጠዋት»

ይህም ከ70 በታች ነው። የድሮው ቁጥር መግባቱ ቦታ የሚያባክን ይመስላል፤ ግን ስህተቱን የያዘው ሰው የትኛው መልእክት እንደተሻረ የሚያውቀው በሱ ነው።

(ቴሌግራም በአንድ መልእክት ከ4096 ፊደል በላይ ስለማይቀበል ይህ ጽሑፍ በሁለት ተከፍሎ ነው የደረሳችሁ። ፎቶ የለውም።)