አንድ መግቢያ፣ ብዙ በር፤ የይለፍ ቃል ሳይሰረቅ ሌባ የሚገባበት መንገድ

በአንድ ድርጅት የሚሠራ የሒሳብ ሠራተኛ ጠዋት ቢሮው ሲገባ ኢሜይሉን፣ የሒሳብ መዝገቡን፣ የደመወዝ ፕሮግራሙንና የደንበኞች ፋይሉን ይከፍታል። ለእያንዳንዱ የተለየ የይለፍ ቃል ቢሰጠው ወይ ይረሳዋል፣ ወይ ጽፎ መሳቢያው ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ አለዚያም አንዱን ቃል ለሁሉም ይጠቀምበታል። ሲንግል ሳይን ኦን የሚባለው አሠራር ይህን ያስቀራል። ሠራተኛው ጠዋት አንድ ጊዜ ማንነቱን ካረጋገጠ ሁሉም በር ይከፈትለታል። ሥራ ሲለቅም አንድ ቦታ መዝጋት ይበቃል።

አሠራሩ በትልቅ መሥሪያ ቤት በር ላይ ካለው ጥበቃ ጋር ይመሳሰላል። ባለጉዳዩ መታወቂያውን ያሳያል፤ ዘበኛው አይቶ ባጅ ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ የየክፍሉ ጸሐፊዎች የሚያዩት ባጁን ነው። በኮምፒውተሩ በኩል የዘበኛውን ሥራ የሚሠራ አንድ የማንነት ማረጋገጫ ሰርቨር አለ። ሠራተኛው የደመወዝ ፕሮግራሙን ሲከፍት ፕሮግራሙ የይለፍ ቃል አይጠይቅም፤ ወደዚህ ሰርቨር ይልከዋል። ሰርቨሩ የይለፍ ቃሉንና በስልክ የሚሰጠውን ሁለተኛ ማረጋገጫ ከተቀበለ በኋላ የሰውየውን ማንነት በዲጂታል ፊርማ ለፕሮግራሙ ያረጋግጣል። በሠራተኛው ብራውዘር ውስጥም ኩኪ የሚባል አጭር ጽሑፍ ያስቀምጣል። ባጁ ይህ ነው፤ የሚያገለግልበት ጊዜ ደግሞ ሴሽን ይባላል።

አደጋውም ያለው እዚሁ ላይ ነው። ባጁን የያዘ ሁሉ ባለቤቱ ተደርጎ ይቆጠራል። ኩኪውን ቀድቶ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ያስገባ ሌባ የይለፍ ቃልም ሆነ የስልክ ማረጋገጫ ላይጠየቅ ይችላል፤ ሁለቱም ቀደም ሲል በባለቤቱ ተሟልተዋልና።

እ.ኤ.አ. በ2023 ኦክታ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ላይ የደረሰው ይህንኑ ያሳያል። የኦክታ ንግድ ለድርጅቶች የሲንግል ሳይን ኦን አገልግሎት መሸጥ ነው። ደንበኛ ችግር ሲገጥመው የኩባንያው ባለሙያዎች ሃር የሚባል ፋይል እንዲልክላቸው ይጠይቃሉ። ፋይሉ ብራውዘሩ ከሰርቨሮች ጋር የተለዋወጠውን ሁሉ የሚመዘግብ በመሆኑ፣ ካልጸዳ በስተቀር ኩኪውም አብሮ ይገባል።

ኦክቶበር 2 ቀን ቢዮንድትረስት የተባለ ደንበኛ የሥርዓቱ አስተዳዳሪ እንዲህ ያለ ፋይል ላከ። ሠላሳ ደቂቃ ሳይሞላ አንድ ሰው በዚያው አስተዳዳሪ ኩኪ ለመግባት ሞከረ። ዋናው የአስተዳደር ገጽ ተጨማሪ ማረጋገጫ ስለጠየቀው ከለከለው። ሰውየው ግን ፕሮግራሞች እርስ በርሳቸው በሚነጋገሩበት በር በኩል አልፎ የመጠባበቂያ ሥራ መለያ የሚመስል አዲስ የተጠቃሚ ስም ከፈተ። የደንበኛው ጠባቂዎች ወዲያው ደርሰውበት ሴሽኑን ዘጉ፣ የተከፈተውንም ስም አገዱ።

ኦክታ በኋላ ባደረገው ምርመራ ሌባው ከሴፕቴምበር 28 እስከ ኦክቶበር 17 ድረስ የ134 ደንበኞችን ፋይሎች ማግኘቱን፣ የአምስቱን ሴሽን ደግሞ መጠቀሙን ገልጿል። መነሻው አንድ ሠራተኛ በድርጅቱ ላፕቶፕ ላይ የግል የጉግል አካውንቱን ከፍቶ መሥራቱ ነበር፤ የድጋፍ ክፍሉ ሥርዓት የይለፍ ቃል በዚያው የግል አካውንት ውስጥ ተቀምጦ ተገኝቷል።

ስርቆቱ እንዴት ይታወቃል? አዲስ አበባ ተቀምጦ ከሚሠራ ሠራተኛ አንድ ሴሽን በድንገት ከሌላ አገር አድራሻ ወይም ከሌላ ዓይነት ብራውዘር ሲመጣ አንደኛው ምልክት ነው። ሌላው ማንም ያልጠየቀው ሥራ ነው። ዋንፓስወርድ የተባለው ሌላው የኦክታ ደንበኛ የነቃው፣ አንድ ሠራተኛ ራሱ ያልጠየቀው የአስተዳዳሪዎች ዝርዝር ሪፖርት መዘጋጀቱን የሚያሳውቅ ኢሜይል ስለደረሰው ነበር።

በዚህ ጊዜ ብዙዎች የይለፍ ቃሉን ቀይረው ይተዋሉ። ነገር ግን ቃሉ ቢለወጥም የተሰጠው ባጅ በብዙ ሥርዓቶች መሥራቱን ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ አስተዳዳሪው የዚያን ሰው ሴሽኖች በሙሉ መሰረዝ ይኖርበታል። ይህም ብቻውን ላይበቃ ይችላል፤ ኢሜይሉና የደመወዝ ፕሮግራሙ አንዴ ካስገቡ በኋላ የየራሳቸውን ባጅ ስለሚሰጡ ዋናው በር ቢዘጋም ውስጥ የገባው ውስጥ ሊቆይ ይችላል። የእያንዳንዱም ሴሽን መዘጋቱ መታየት አለበት።

አስቀድሞ ለመከላከል የአስተዳዳሪዎች ሴሽን አጭር ይደረጋል፤ ክፍያ ለማዘዝ ወይም አዲስ ተጠቃሚ ለመክፈትም ማረጋገጫ እንደገና ይጠየቃል። ኦክታም ከጉዳዩ በኋላ የአስተዳዳሪው የኔትወርክ አድራሻ ሲለወጥ እንደገና እንዲገባ የሚያስገድድ አሠራር አቅርቧል። ባጁ ቢሰረቅም ከሌላ ቦታ እንዳይሠራ ለማድረግ ነው። ሌባው በባለቤቱ ኮምፒውተር ላይ ከተቀመጠ ግን ይህ አያቆመውም።